ጓደኛዬ ወልዳ፣ መልእክቴን አንብባ ዝም አለችኝ

ጥያቄውን በአንድ የኢንተርኔት መወያያ ላይ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ጓደኛዬ የመጀመሪያ ልጇን ከወለደች 9 ቀን ሆኗት ነበር። በወለደች ማግስት ረዘም ያለ መልእክት ጻፍኩላት። እንኳን ደስ ያለሽ ብዬ ጀመርኩና ጥያቄዎቼን ደረደርኩ። ስንት ኪሎ ነው? ማንን ይመስላል? ምጡ እንዴት ነበር? ሌሊት ያስተኛሻል? ፎቶ ላኪልኝ እንጂ! መቼ ልምጣ? መልእክቱ እንደተነበበ ስልኬ ያሳየኛል፤ መልስ ግን የለም። በ5ኛው ቀን ደህና ነሽ ወይ ብዬ ደገምኩ። እሱንም አንብባ ዝም አለች። በ9ኛው ቀን የላክሁትን ሁሉ እንዳለ ለጥፌ ጠየቅሁ፤ ተቀይማኝ ይሆን? ሦስተኛ ልጻፍላት ወይስ ልተዋት?

1ኛው መልስ አጭርና ደግ ነበር። የጻፈችው ሴት ዝምታውን በቅያሜ እንዳልተረጉመው ለመነችኝ። አራስ ቤት ቀኑና ሌሊቱ ስለሚቀላቀል፣ ጓደኛዬ መልእክቴ መቼ እንደደረሳት እንኳ ላታውቅ ትችላለች አለች። ትንሽ ቀለል አለኝ።

2ኛው ግን ፊት ለፊት ነው የመጣው። ማንበብ የቻለ ሰው መመለስም ይችላል ባይ ነው ሰውየው። አመሰግናለሁ ለማለት ስንት ሰከንድ ይፈጃል ሲል ጠየቀ። እናቱ ስድስት ልጅ ስታሳድግ ሰላም ያላት ሰው ሳትመልስለት ቀርታ አታውቅም። የዛሬ ወላጅ ግን ልጁን ሰበብ አድርጎ ወዳጁን ይረሳል ብሎ ደመደመ። ከዚህ በኋላ ብዙው ሰው የጻፈው ለእኔ ሳይሆን ለእሱ ነው።

3ኛዋ የ3 ሳምንት ልጅ እናት ናት። ጥያቄዬን በደንብ አላነበበችውም። አራሷ እኔ መስያት፣ ለሰዎች ሳልመልስ ቀረሁ ብዬ የምጨነቅ መስሏት ልታጽናናኝ ነው የጻፈችው። እኔን ከሁሉ በላይ የነካኝ ግን ይሄው በስህተት የመጣ መልስ ነው።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ነው አለች። ክፍሉ ጨለማ ነው። ልጁ በግራ ክንዷ ላይ ተኝቶ ይጠባል። ስልኩ በቀኝ እጇ ነው፤ ልጁን እንዳይቀሰቅሰው ብርሃኑን እስከ መጨረሻው ቀንሳዋለች። መልእክት የምታነበው ለመጫወት አይደለም። እንቅልፍ ጥሏት ልጁ ከእጇ እንዳይወድቅ ራሷን ለማንቃት ነው። በአንድ አውራ ጣት መልስ መጻፍ ትጀምራለች። ልጁ ጡቱን ይለቅና ያለቅሳል። መልሶ ለማስያዝ ሁለቱም እጆቿ ያስፈልጓታል፤ ስልኩ አንሶላው ውስጥ ይገባል። ጠዋት ስታየው መልእክቱ የተነበበ ሆኖ ወደ ታች ወርዷል። ያላነበበችውን ስልኩ ያስታውሳታል፣ ያልመለሰችውን ግን አያስታውሳትም። በሦስተኛው ቀን ትዝ ሲላት ባዶ አመሰግናለሁ የሚያንስ ይመስላታል፤ ስለዘገየች ይቅርታ መጨመር አለባት። በስድስተኛው ቀን ይቅርታው ራሱ ይረዝማል። እንዲህ እያለ አንድ ቃል የሚበቃው መልስ እንደ ዕዳ እየወለደ ይሄዳል። እንደዚህ ያሉ ከ30 በላይ መልእክቶች እንዳሏት ጻፈች። የምትመልሰው ምንም ያልጠየቋትን ብቻ ነው፤ ጥያቄ ያለበትን ነገ ትላለች።

ወደ ላይ ተመልሼ የራሴን መልእክት ቆጠርኩት። ስድስት ጥያቄ።

4ኛውን የጻፉት ለብዙ ዓመት በአዋላጅ ነርስነት የሠሩ ሴት ናቸው። ስድብም ምክርም አላመጡም፤ ሂሳብ ነው ያመጡት። አዲስ የተወለደ ልጅ በቀንና ሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል። 10 ጊዜ ነው እንበል አሉ። አንዱ ማጥባት ግማሽ ሰዓት ይወስዳል። ማስገሳቱ፣ ዳይፐር መቀየሩ፣ መልሶ ማስተኛቱ ሌላ 20 ደቂቃ። ለአንድ ዙር 50 ደቂቃ ሆነ ማለት ነው፤ በ10 ሲባዛ ከ8 ሰዓት በላይ ይሆናል። ይሄ እንደ ሥራ ቀን አንድ ላይ ቢሆን ችግር አልነበረም። ነገሩ ዙሩ በየ2 ሰዓት ከ24 ደቂቃው መምጣቱ ላይ ነው። 50ው ሲነሳ በመሀል የሚተርፋት አንድ ሰዓት ተኩል ነው። በዚያ ውስጥ ትበላለች፣ ትታጠባለች፣ ስፌት ካላት ስፌቷን ትንከባከባለች፣ የተረፈውን ትተኛለች። ልጁ በጠቅላላው 16 ሰዓት ሊተኛ ይችላል። ጠያቂ መጥቶ ሲያየው እንቅልፋም ነው ብሎ የሚሄደው ለዚህ ነው። እናትየው ግን ሙሉ እንቅልፍ የላትም፤ ያላት ቁርጥራጭ ነው።

ሌላም ነገር ጨመሩ። ከወሊድ በኋላ በ3ኛውና በ5ኛው ቀን መካከል ወተቱ ሞልቶ ይመጣል። በእርግዝና ወቅት ከፍ ብለው የነበሩት ሆርሞኖችም በፍጥነት ይወርዳሉ። በዚያ ሰሞን አብዛኛዋ እናት ያለ ምክንያት ታለቅሳለች፤ አንዴ ትስቃለች፣ ወዲያው ይከፋታል። ብዙውን ጊዜ በ2 ሳምንት ውስጥ በራሱ ይሻላታል። ያንቺ ሁለተኛ መልእክት የገባው ልክ እዚህ መሀል ነው አሉኝ። ያን ዕለት ደህና ነሽ ወይ ለሚለው እውነተኛ መልስ ብትጽፍ ሁለት ገጽ ይሆንባት ነበር፤ ደህና ነኝ ማለት ደግሞ ውሸት።

2ኛው ሰውዬ በ5ኛው መልስ ተመለሰ። ሂሳቡን አልተቃወመም። አንድ የልብ ምልክት ለመላክ ግን አንድ ሰዓት ተኩል አያስፈልግም አለ። 3ኛዋ እናት በ6ኛው መለሰችለት፤ አሁን ጥያቄው የእኔ መሆኑ ገብቷታል፣ ተቆጥታለችም። ያጣሁት ደቂቃ አይደለም፣ አሳብ ነው አለችው። ቀን ላይ ስልኳን የት እንዳስቀመጠች ለመፈለግ ተነስታ፣ ለምን እንደተነሳች ረስታ ክፍሉ መሀል መቆሟን ጻፈች። እናቱ መልስ ትሰጥ የነበረው አጠገቧ ተቀምጦ ለሚያያት ሰው እንደሆነም አስታወሰችው። እጇ ላይ በቀን 40 መልእክት የሚያስገባ ስልክ አልነበረም።

7ኛው ረጋ ያለ ወጣት ነው፤ ግማሹን እውነት ነው የያዘው። እንግዲያው መፍትሔው ቀላል ነው አለ። ለአንድ ወር ማንም ምንም አይጻፍ፣ ማንም አይሂድ፣ ሲያርፉ ራሳቸው ይፈልጉናል። እኔም ልስማማ ቀርቤ ነበር። 8ኛዋ ግን ይሄ በራሷ ላይ እንደደረሰ ነገረችን። ጓደኞቿ ተነጋግረው፣ እንዳናስቸግራት ብለው፣ 4 ሳምንት ዝም አሏት። እሷ መነጋገራቸውን አታውቅም። በሌሊት ስልኳን ከፍታ ባዶውን እያየች፣ ከወለድኩ በኋላ ለእነሱ አልጠቅምም ማለት ነው ብላ እንዳለቀሰች ጻፈች። ዛሬም ድረስ አልነገረቻቸውም። ክብደቱ ያለው መልስ መጠበቁ ላይ እንጂ መጻፉ ላይ አይደለም አለች። ወጣቱ አመስግኗት ሐሳቡን አነሳ።

ከ9 እስከ 11 ድረስ ከመንገድ ወጣን። አንዱ ለአራስ ምን ስጦታ ይገዛል ብሎ ጠየቀ፣ ሁለት ሰዎች ስለ ልብስ ልክ ተከራከሩ። የተስማሙበት ትንሹ ልክ በጥቂት ሳምንታት እንደሚጠብ፣ ስለዚህ ከፍ ያለውን መግዛት እንደሚሻል ነው። ጠቃሚ ነው፤ የእኔ ጥያቄ ግን አልነበረም።

12ኛው መልስ ሲመጣ ሁሉም ጸጥ አለ። ልጇን በ33ኛው ሳምንት የወለደች እናት ናት። ልጇ ማሞቂያ ውስጥ ነበር፤ አፍንጫው ላይ ቱቦ አለ። የተወለደው 1.8 ኪሎ ሆኖ ነው። ከእሷ መውለድ ሌላ የሚያውቁት ነገር የሌላቸው ሰዎች ሁሉ ሁለት ነገር ጠየቋት፤ ኪሎውንና ፎቶውን። ኪሎውን ስትነግራቸው ይደነግጣሉ፤ ከዚያ የደነገጠውን ሰው የምታጽናናው እሷው ሆነች። ፎቶውን ብትልክ ቱቦው ይታያል፤ ባትልክ የደበቀች ይመስላል። ነገሩን ሰምተው ደግሞ እንኳን ደስ ያለሽ ማለት የፈሩም ነበሩ። እሱም ጎድቷታል፤ ልጇ ያልተወለደ ያህል ሆኖ ተሰማት። አንድ ጓደኛዋ ብቻ የልጁን ስም ጠርታ እንኳን መጣህ ብላ ጻፈችለት። ያንን መልእክት እስካሁን አላጠፋችውም።

13ኛዋ መምህርት ናት፤ እንደ ተማሪ ደብተር መልእክቴን መስመር በመስመር አረመችው። ኪሎው ይውጣ አለች፣ ምክንያቱን አሁን ሰምተናል። ማንን እንደሚመስል መጠየቁም ይውጣ፤ ቀላል ይመስላል ግን መልስ ይጠብቃል። ምጡም ይውጣ። አንዳንዷ እናት ምጧን መቶ ጊዜ ማውራት ትፈልጋለች፣ አንዳንዷ ገና ማሰብም አትችልም፤ በጽሑፍ ደግሞ ማንኛዋ እንደሆነች አይታወቅም። ሌሊት ያስተኛሻል የሚለው ይውጣ፤ አያስተኛትም። መቼ ልምጣ የሚለውን ከሁሉ የከበደው ብላ ሁለቴ አሰመረችበት። እሱን ለመመለስ ነገን መገመት አለባት፣ ቤቱን ማሰብ አለባት፣ ከባሏ ጋር መነጋገር አለባት፤ ከዚያም እምቢ ማለት ቢኖርባት የሚያስቀይም እንዳይሆን ቃል መምረጥ አለባት። ምን ልርዳሽ የሚለውም ዞሮ ዞሮ ሥራ ነው፤ የሚረዳትን ነገር አስባ አግኝታ ለእኔ ማዘዝ ይጠበቅባታል። በምትኩ አንድ የተወሰነ ነገር አቅርቢና በአንድ ፊደል እንድትመልስ አድርጊ አለችኝ።

አዋላጅ ነርሷ እዚህ ላይ አንዲት ነገር አከሉ፤ እኔ በጭራሽ ያላሰብኳትን። መልስ አያስፈልግም የሚለው ቃል ከታች ሳይሆን ከላይ ይሁን አሉ። ስልኩ ተቆልፎ ሳለ የሚታየው የመጀመሪያው መስመር ነው። ድካም የያዘው ሰው እሱን አይቶ ነው እከፍታለሁ ወይስ እተወዋለሁ ብሎ የሚወስነው።

በ10ኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ ይህን ላክሁ፦

መልስ አያስፈልገውም፤ አንብበሽ ተኚ። እንኳን ደስ ያለሽ፣ እንኳን ልጅሽን አቀፍሽ። ያን ሁሉ የደረደርኩብሽን ጥያቄ እርሺው። ቅዳሜ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ዳይፐርና የሚበላ ነገር በራችሁ ላይ አስቀምጬ ልሂድ? ይሁን ካልሽ 1 ብለሽ ላኪ። ካልሽም ካላልሽም ወዳጅሽ ነኝ።

መምህርቷ የመጨረሻውን መስመር አልወደደችውም፤ በዛ አለች። እኔ ግን ተውኩት፤ እውነት ስለሆነ።

14ኛው መልስ ከአንድ አባት ነው። ሁሉም ለእሷ ነው የሚጽፈው ብሎ ጀመረ። ሚስቱ በኦፕራሲዮን ስለወለደች ሌሊት ልጁን እያነሳ የሚያቀብላት እሱ ነበር። ለሁለት ሳምንት በቀን ከ4 ሰዓት በላይ አልተኛም። የደወለለት ሁሉ እሷ እንዴት ናት ይለዋል፤ እሱን የጠየቀው አንድ ሰው የለም። ሲያማርር አይደለም፤ መኪና ውስጥ ተቀምጦ እንዳለቀሰ ሲናገር ድምፁ የሚሰማ ይመስል ነበር። ለእሱም እንኳን ደስ ያለህ ብላችሁ ጻፉ፣ የመጠየቂያ ሰዓቱን ደግሞ ከእሷ ሳይሆን ከእሱ ጋር ጨርሱ አለ። 15ኛዋ ወዲያው አስተካከለችው። ብቻዋን የምታሳድግ ናት፤ በሁሉም ቤት ባል አለ ብሎ መነሳቱ ልክ አይደለም። እንዲህ ከሆነ አጠገቧ ያለ ሰው፣ እህትም ይሁን ጎረቤት፣ ፈልጎ መነጋገር ይሻላል። አባትየው ይቅርታ ጠየቃት።

ከዚያ ስለ መጠየቅ ተነሳ፤ ለሁለት የተከፈልነውም እዚህ ነው። እጅ መታጠቡ፣ ሳል ወይም ጉንፋን የያዘው ሰው አለመሄዱ፣ ሕፃኑን አለመሳሙ አላከራከረም። ከንፈሩ ላይ ምች የወጣበት ሰው በተለይ እንዳይጠጋ ነርሷ አጥብቀው ተናገሩ። ለአዋቂ ቀላል የሆነው ያ ቁስል ለጨቅላ ሕፃን ለሕይወት የሚያሰጋ ሊሆን ይችላል። ከ3 ወር በታች ያለ ልጅ 38 ዲግሪ ትኩሳት ካለው ደግሞ እስኪነጋ አይጠበቅም፣ ወዲያው ወደ ሐኪም ነው። 20 ደቂቃ ተቀምጦ መነሳቱ ላይም ተስማማን። የምትሄጂበትን ሰዓት ስትገቢ ተናገሪ ያለችው 17ኛዋ ናት፤ አራሷ መቼ ትሄድ ይሆን እያለች እንዳትሰቀቅ።

ያጣላን ዕቃ ማጠቡ ነው። 18ኛው ገብታችሁ ሳትጠይቁ ሳህኑን እጠቡ፣ ልጁን ተዉላት አለ። 19ኛዋ ይህን ስታነብ ብልጭ አለባት። ጓደኛዋ ሳትጠየቅ ማእድ ቤት ገብታ ስታጸዳ፣ ቤቴ ቆሽሿል ማለቷ ነው ብላ ሙሉ ቀን ሆዷ እንደባባ ጻፈች። እሱ ከመጠየቅ መሥራት ይሻላል አለ፤ እሷ የሰው ቤት የሰው ቤት ነው አለች። ሁለቱም አልለቀቁም። እኔ ወደ እሷ አደላለሁ፤ አንድ ጊዜ ልጠብ? ብሎ እጅጌን እየሰበሰቡ መጠየቅ ምንም አያጎድልም።

በ21ኛው መልስ ያ 2ኛው ሰውዬ እንደገና መጣ። በዚህኛው ግን የሚረባ ነገር ነበር የጠየቀው። እሺ፣ ዝም ማለቷን በድካም እንቁጠረው አለ፤ ድካሙ የሚያበቃው መቼ ነው? ሁልጊዜ ደክሟት ነው እያልን አንድ ቀን የታመመችውን ሴት እንደደከመች ብናልፋትስ? እውነቱን ለመናገር፣ አንዳቸውም ይህን አላነሱትም ነበር።

ነርሷ ጥሩ ጠየቅህ ብለው መለሱለት። የመጀመሪያው ማልቀስ በ2 ሳምንት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። ከዚያ ካለፈ፣ ወይም ከዚያ በፊትም ቢሆን እየባሰ ከሄደ፣ ድካም ብቻ ላይሆን ይችላል። እሳቸው የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ አለ፤ ልጁ ሲተኛ አንቺ መተኛት ትችያለሽ? የደከመች እናት ጋደም እንዳለች እንቅልፍ ይወስዳታል። በጭንቀት የታመመችዋ ግን ልጁ ተኝቶ፣ የሚያግዛት ሰው ኖሮ፣ ዓይኗ ፈጦ ልታድር ትችላለች። በልጇ አለመደሰቷ፣ ያለ እኔ ይሻለው ነበር ማለቷም ይታያል። ጓደኛ ሐኪም አይደለም፤ ግን ይህን ጥያቄ ረጋ ብሎ ሊጠይቅና ከቤተሰቧ ጋር ሆኖ ወደ ጤና ባለሙያ ሊወስዳት ይችላል። ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ ከሰማች፣ ራሷን ወይም ልጁን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣባት ግን ያኔውኑ ነው፤ ለብቻዋም አትተውም። አባትም በዚህ ሊታመም እንደሚችል ጨመሩ፤ 14ኛውን ሰው በቁጥሩ ጠርተው አሁን እንቅልፍህ እንዴት ነው ብለው ጠየቁት። ደህና ነኝ አለ። እሳቸው ደግሞ እንደገና ጠየቁት።

ጓደኛዬ በዚያው ሐሙስ ሌሊት፣ ከ9 ሰዓት በኋላ፣ 1 ብላ ላከች። ሌላ ፊደል የለውም።

ቅዳሜ ዕቃውን አስቀምጬ ልዞር ስል በሩ ተከፈተ። ራሷ ናት። ጸጉሯ አልተበጠረም፣ ሸሚዟ በአንድ በኩል በወተት ርሷል። ግቢ አለችኝ፤ 20 ደቂቃ ብቻ ብዬ ገባሁ። ልጁ ተኝቶ ነበር። ኪሎውን አልጠየቅኋትም። ብዙም አላወራንም፤ ትከሻዬ ላይ ተደግፋ ትንሽ አለቀሰች፣ መልሳም ሳቀች። ልወጣ ስል ልጁ ሲተኛ አንቺን እንቅልፍ ይወስድሻል ወይ አልኳት። ወደ አልጋው ዞር ብላ አየችና አንዳንዴ አለችኝ።

ይህንን በ24ኛው ላይ ጻፍኩ። 2ኛው ሰውዬ ዝም አለ። ነርሷ ብቻ መለሱልኝ። አንዳንዴ የሚለው ቃል ሁለቱንም ሊሆን ስለሚችል፣ ረቡዕ ሄጄ ያንኑ ጥያቄ በዚያው ቃል እንድደግምላት ነገሩኝ። ረቡዕ 16 ቀን ይሆናታል። ለባሏ ጽፌለት ሰዓቱን ጨርሰናል፤ አንተስ ትተኛለህ ወይ ብዬም ጠይቄዋለሁ።